ሮቶው ሲጎድል

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በተደረገ የተማሪዎችና የውሃ ባለሙያዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የምህንድስና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ? ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ድምፄን እንዳይወስደው ወደፊት ጠጋ ጠጋ በሉልኝ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ዛሬ የአንዲት ተማሪን ታሪክ ነው የማጫውታችሁ። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ግፊት ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ ፍሰት ግፊትን የሚከተለው እንዴት ነው? ሦስተኛ፣ መሃል ላይ ረጅም ቧንቧ ሲገባ ምን ይለወጣል? ብዙ የምቆየው ሁለተኛው ላይ ነው። ልጅቷም የተያዘችው እዚያ ላይ ነበርና።

ልጅቷ የጎረቤቶቼ ልጅ ናት፤ ሽምብጥ ነው ቤታቸው። ያኔ ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ነበረች። ጎበዝ አጥኚ ናት፣ ሌሊት መብራቷ አይጠፋም። ፍሉይድ ሜካኒክስ ላይ ግን ወደቀች። የበርኑሊን ቀመር በቃሏ ትወጣዋለች፤ ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለ ግን ይጠፋባታል። አንድ ቀን አጥር ላይ ቆመን ስናወራ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ግፊት ሲጨምር ፍሰት ይጨምራል፣ ይሄን አውቃለሁ። ግን ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉኛል። ግፊት ሲጠይቁኝ ፍሰት እመልሳለሁ፤ ፍሰት ሲጠይቁኝ ግፊት።»

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ እንደሷ ናችሁ? ቤታችሁ ቧንቧ ከፍታችሁ ውሃው ሲቀጥን ምን ትላላችሁ? «ዛሬ ግፊት የለም» አይደል የምትሉት? እውነት ግፊት የለም? ለክታችሁ ነው?

ወደ አንደኛው ነጥቤ ልግባ። አንድ ሮቶ ውሃ ሞልቶ ቧንቧው ተዘግቷል እንበል። ፍሰቱ ስንት ነው? ዜሮ። ግፊቱስ? ሙሉ ነው። እንዲያውም የሚበዛው ያኔ ነው። ቆሞ ያለ ውሃ ግፊቱ የሚመጣው ከላዩ ካለው ውሃ ከፍታ ብቻ ነው። 1 ሜትር ውሃ ወደ 10 ኪሎ ፓስካል ግፊት ይሰጣል። 10 ሜትር ውሃ 1 ባር ገደማ ነው። የሮቶው ስፋት እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ሊትሩም አይገባም። ከፍታ፣ ከፍታ፣ ከፍታ!

እዚህ ላይ ከሥራዬ አንድ ነገር ላንሳ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ውሃ ቀጠነብን ብለው አስጠሩኝ። አንድ ባለሙያ መጥቶ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ በእጥፍ በሚበልጥ አስቀይሯቸዋል። ብዙ ብር ወጥቶበታል። አዲሱ ሮቶ በጎኑ ሰፊ ነው እንጂ ቁመቱ ያው ነው፤ የተቀመጠውም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ታዲያ ምን ይለወጣል? ውሃ በጠፋ ቀን ይጠቅማቸዋል፤ ሁለት ቀን የነበረው አራት ቀን ይሆናል። ግፊቱ ግን ቅንጣት አልጨመረም። የዚያ ቤት ችግር ምን እንደነበር ሦስተኛው ነጥብ ላይ እነግራችኋለሁ፤ እንዳትረሱብኝ።

አሁን ወደ ልጅቷ። ክረምት ነበር። በክረምት ውሃው ደለል ያመጣል፤ ሮቶው ሥር ጭቃ ይተኛል። እናቷ «ይታጠብልኝ» ብለው ጠሩኝ። ሮቶው ቀጥ ያለ ክብ ነው፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። የቆመው 1 ሜትር ገደማ በሆነ የብረት መቆሚያ ላይ ነው። ወገቡ ሲለካ ውስጡ 1 ካሬ ሜትር ያህል ይሰፋል። ይህ ለሒሳብ ደስ ይላል፤ ውሃው 1 ሳንቲም ሲወርድ 10 ሊትር ወጣ ማለት ነው። ከታች በጎኑ 2 ሳንቲም የሚሰፋ የማጠቢያ ቀዳዳ አለው። ልጅቷ መሰላል ላይ ወጥታ በላይ በኩል የሸምበቆ ዘንግ ነከረች። ከቀዳዳው በላይ ያለው ውሃ 1 ሜትር ከ44 ሳንቲም ሆነ።

መድፈኛውን ነቀልኩት። ውሃው ተወረወረ፤ ከመቆሚያው 2 ሜትር ከ30 ገደማ ርቆ የእናትየው ጎመን መደብ ላይ አረፈ። «ጎመኔን! ጎመኔን!» ብለው ሮጡ። አፈሩን እንዳይቆፍረው ውሃው የሚያርፍበት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጡ። ይህን ድንጋይ ልብ በሉልኝ።

ከዚያ «መቼ ነው የሚያልቀው? ሥራ አለብኝ» አሏት። ልጅቷ 20 ሊትር ባልዲ ደቅና በስልኳ ሰዓት ያዘች። በ20 ሰከንድ ሞላ። እንግዲህ በሰከንድ 1 ሊትር ነው። ውሃው 1,440 ሊትር ነው። 1,440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ። «በ24 ደቂቃ ያልቃል፣ እማ» አለች። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ይህንኑ ነበር የምትሉት።

24ቱን ለሦስት ከፈለችና በየ8 ደቂቃው ልትለካ ወሰነች። በስሌቷ ከ8 ደቂቃ በኋላ 96 ሳንቲም መቅረት አለበት። ዘንጉን ነከረች፤ 100። «ዘንጉን አጣመምኩት መሰለኝ» አለች። በ16ኛው ደቂቃ 48 መሆን ነበረበት። 64 ሆነ። አሁን ዘንጉን አላማችም፤ ዝም አለች። 24ኛው ደቂቃ ላይ ባዶ መሆን ነበረበት። 36 ሳንቲም ውሃ አለ! ሩቡ አልወጣም።

«24 አላልሽም እንዴ?» አሉ እናትየው።

«ግፊቱ ቀንሷላ፣ እማ። ውሃው ሲጎድል ግፊቱም ይቀንሳል።»

ትክክል ናት። እኔም እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳት። «ውሃው ሩብ ነው የቀረው። ግፊቱም ሩብ ነው። ፍሰቱስ ሩብ ነው?» አልኳት። «አዎ» ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ወርዳ ባልዲውን ደቀነች። ፍሰቱ ሩብ ቢሆን ባልዲው የሚሞላው በ80 ሰከንድ ነበር። በ40 ሞላ። ግፊቱ ሩብ ሆኖ ፍሰቱ ግማሽ ብቻ ነው የሆነው!

ለካ ሁለቱ አንድ ነገር አይደሉም። አንድ ቢሆኑ እኩል በወረዱ ነበር።

በዚህ መሃል እናትየው ሥራቸው ላይ ናቸው። ልጃቸው ለመለካት መሰላሉን በወጣች ቁጥር እሳቸው ድንጋዩን ውሃው ወደሚያርፍበት ወደ ሮቶው ይጎትቱታል። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ጭቃው ላይ ታትሞ ቀርቷል። ልጅቷ ከመሰላሉ ወርዳ እነዚያን የድንጋይ ዱካዎች አየች። ጎንበስ ብላ በስንዝር ለካች። ከአንዱ ዱካ እስከ ሌላው 40 ሳንቲም የማይሞላ ነው። ቀጣዩም ያው። ከዚያ ቀጥሎም ያው። ውሃው ሮቶው ውስጥ ሲወርድ አንዴ በ44፣ አንዴ በ36፣ አንዴ በ28 ሳንቲም ነው፤ ምንም እኩልነት የለውም። መሬት ላይ ግን የሚያርፍበት ቦታ በእኩል እርምጃ ነው ወደ ሮቶው የሚመለሰው። አንድ ውሃ፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ዓይነት ጉዞ!

ደብተሯን አወጣች። 144፣ 100፣ 64፣ 36። ቁጥሮቹን አፍጥጣ አየቻቸው። ከዚያ ከሥራቸው ጻፈች፦ 12፣ 10፣ 8፣ 6።

ገባችሁ? 12 ሲባዛ በ12 144 ነው። 10 በ10 መቶ ነው። 8 በ8 ስድሳ አራት፣ 6 በ6 ሠላሳ ስድስት። ከፍታው እኩል እኩል አይወርድም፤ የከፍታው ካሬ ሥር ግን በየ8 ደቂቃው በእኩል ይወርዳል። «ቀጥሎ 16፣ ከዚያ 4 ነው የሚሆነው» አለች። ሳትለካ ነው የተናገረችው። በ32ኛው ደቂቃ ዘንጉን ነከረች፤ 16 ሆነ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አይቻለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ስታየው የኖረችው ቀመር ይኸው ነው፦

v = √(2gh)

v ውሃው ከቀዳዳው የሚወጣበት ፍጥነት ነው፤ g የመሬት ስበት ነው፤ h ከቀዳዳው በላይ ያለው የውሃ ከፍታ ነው። ይህን ቀድሞ ያሳየው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644። በርኑሊ መጽሐፉን ያሳተመው ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1738 ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ለምን ካሬ ሥር? ይህን ሳትመልሱ ቀመሩን ብትሸመድዱ ፈተናው ዞር ሲል ይጥላችኋል። ልጅቷ ለእናቷ ስታስረዳ የሰማሁትን ልንገራችሁ፤ ከእኔ ይሻላል። «እማ፣ ውሃው እጥፍ እንዲወጣ ብንፈልግ በየሰከንዱ እጥፍ ውሃ መግፋት አለብን። ያ ውሃ ግን መብዛቱ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሊትር ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት መወርወር አለበት። እጥፍ ውሃ፣ በእጥፍ ፍጥነት። ስለዚህ አራት እጥፍ መገፋት አለበት።» በቃ። ይኸው ነው። ግፊቱ አራት እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ሁለት እጥፍ፤ ግፊቱ ሩብ ሲሆን ፍሰቱ ግማሽ።

አንድ ሌላ ነገርም ገጠማት። ቀመሩን ይዛ የመጀመሪያውን ፍጥነት ስታሰላ በሰከንድ 5.3 ሜትር መጣላት። በቀዳዳው ስፋት ስታባዛው በሰከንድ ወደ 1.7 ሊትር ይሆናል። ባልዲው ግን 1 ሊትር ነው ያለው። የቀረው የት ገባ? «ቀመሩ ተሳስቷል?» አለችኝ። «ቀዳዳው አጠገብ ጎንበስ በይና እዪ» አልኳት። ውሃው ከቀዳዳው ወጣ እንዳለ ይቀጥናል። ቀዳዳው 2 ሳንቲም ነው፤ ትንሽ ፈንጠር ብሎ የውሃው ገመድ 1.6 ሳንቲም ያህል ነው። ምክንያቱም ውሃው ከየአቅጣጫው እየተሽቀዳደመ ነው ወደ ቀዳዳው የሚመጣው፤ ከጎን የመጣው በአንድ ጊዜ ወደ ፊት መታጠፍ አይችልም። በስል ጠርዝ ቀዳዳ የምናሰላውን ፍሰት በ0.6 ገደማ የምናባዛው ለዚህ ነው። 1.7 በ0.6 ስታባዙት 1 ሊትር ይመጣል። ያ 0.6 መጽሐፍ ላይ ብቻ ያለ ቁጥር አይደለም፤ በዓይን ይታያል።

«ጋሼ፣ የአየሩ ግፊትስ?» ብላም ጠይቃኛለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ እዚህ 82 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጫናል። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ሥሩ ላይ የሚጨምረው 14 ብቻ ነው። አየሩ እንዲህ ከበለጠ ለምን ሒሳቡ ውስጥ የለም? ከላይም ይጫናል፣ ከቀዳዳው ውጭም ይጫናል፤ ይጣፋል። ይህ የሚሠራው ግን የሮቶው ክዳን አየር የሚያስገባ ከሆነ ነው። አየር የማያስገባ ክዳን ከድናችሁ ብታፈሱት ከውሃው በላይ ያለው አየር ይሳሳል። ያኔ ውሃው ይቀጥናል፣ በቀዳዳው በኩል አየር እየሳበ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሮቶው ወደ ውስጥ ሲጎደጉድም አይቻለሁ። ስለዚህ የአየር መግቢያዋን ቀዳዳ ነፍሳት ገባ ብላችሁ እንዳትደፍኑ፤ ወንፊት አድርጉባት።

የመጨረሻዎቹ ሳንቲሞች ግን ሥርዓቱን አልጠበቁም። ውሃው 4 ሳንቲም ላይ ሲደርስ ቀዳዳው አካባቢ ይሽከረከር ጀመር፣ አየር ይስብ ጀመር። ከዚያ መወርወሩን ትቶ የሮቶውን ግድግዳ ይዞ ወረደ። እዚያ ላይ ቀመሩ አይሠራም። ቀመሩ የሚያገለግለው ውሃው ከቀዳዳው ስፋት በጣም ከፍ ብሎ ሲቆም ነው። ጎኑ እኩል ባልሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ በተጋደመ በርሜል፣ የ12፣ 10፣ 8 ቅደም ተከተልም አይመጣም። ፍጥነቱ ያው ካሬ ሥሩን ይከተላል፤ የውሃው አወራረድ ግን ይለያል።

ጠቅላላው 48 ደቂቃ ገደማ ወሰደ። ካሰበችው እጥፍ! ይህ በአጋጣሚ አይደለም። ጎኑ እኩል የሆነ ዕቃ በቀዳዳ ሲፈስ፣ በመነሻው ፍሰት ያሰላችሁት ጊዜ ሁልጊዜ በሁለት ይባዛል። ጊዜው ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ ሩብ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ አጭር ነው። ሌላ ቀን ልጅቷ ከዚያው ሮቶ 20 ሜትር የሚሆን ቀጭን ጎማ ስባ ጎመኑን ታጠጣለች። ውሃው ድክም ያለ ነው፤ ባልዲ ለመሙላት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። የጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ ያዝ ስታደርገው ግን ርቆ ተወረወረ። ወደ እኔ ዞረችና፣ «ጋሼ፣ ይሄ አይገባኝም። ሮቶው ላይ ቀዳዳውን ግማሹን በቆርቆሮ ከልዬ ሞክሬው ነበር። ውሃው ቀጠነ እንጂ የሚደርስበት ቦታ አልተለወጠም። ጎማው ላይ ለምን ይርቃል?» አለችኝ።

ስንቶቻችሁ «ቀዳዳው ስለጠበበ ፍጥነቱ ጨመረ» ትላላችሁ? ብዙ ሰው የሚለው ይህንን ነው። ያ ልክ ቢሆን ሮቶው ላይም በጨመረ ነበር። ሮቶው ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፍታው ነው፤ የቀዳዳው ስፋት አይደለም። ጎማው ላይ ግን ከፍታው መንገድ ላይ ይበላል። ውሃው 20 ሜትር ሙሉ የጎማውን ግድግዳ እየታከከ ነው የሚመጣው። የ2 ሜትር ከፍታ ቢኖረን እንኳ መጨረሻ ላይ ለመወርወር የሚተርፈው ጥቂት ሳንቲም ነው። ሌላው በመታከክ አልቋል። አውራ ጣት ሲያዝበት ፍሰቱ ይቀንሳል። ፍሰቱ ሲቀንስ መታከኩም ይቀንሳል። ያኔ ግፊቱ ሳይበላ እስከ አውራ ጣቷ ይደርስና ውሃውን ይወረውረዋል።

አሁን አራተኛ ፎቅ ወዳሉት እናት ልመለስ። ቧንቧቸው ላይ የግፊት መለኪያ ገጠምኩ። ሲዘጋ በቂ ግፊት አለ፤ ከሮቶው ከፍታ ጋር የሚመጣጠን ነው። ቧንቧውን ስከፍት መርፌው ወደ ዜሮ ወረደ። ይህ ምን ይነግረናል? ከላይ የጎደለ ነገር የለም፤ መንገዱ ላይ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። ተዘግቶም ቢሆን ግፊቱ አነስተኛ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ከፍታው ነው፤ ሮቶውን ከፍ አድርጉ እላችሁ ነበር። እሳቸው ቤት ግን የቆየው የብረት ቧንቧ ውስጡ በዝገት ተሞልቶ አውራ ጣት የሚያስገባው ትንሿን ጣት እንኳ የማያስገባ ሆኗል። ያን ቁራጭ ለወጥነው፤ ውሃው መጣ። አዲሱ ሮቶ እዚያው ጣሪያ ላይ አለ።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ ነገ ሰው ቤት ተጠርታችሁ «ግፊት የለም» ስትባሉ መጀመሪያ ዘግታችሁ ለኩ፤ ከዚያ ከፍታችሁ ለኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉ። ሮቶ ግዙ ከማለታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የድሃ እናት ብር ነው የምታስወጡት።

ያላነሳሁት የፓምፕ ጉዳይ ነው፤ ሐይቁ ዳር በመስኖ የምትሠሩ ወንድሞች እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። መድረኩ ለናንተ ክፍት ነው። አመሰግናለሁ።